ጅቡ በየሳምንቱ እንዲመለስ፦ የልጆች አኒሜሽን ተከታታይ ባይብል እንዴት ይዘጋጃል?

በተረት ውስጥ ጅብ አንዴ ይታለላል፣ ይወድቃል ወይም ጅራቱን ያጣል፤ ተረቱም እዚያው ያልቃል። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ከተባለ በኋላ የሚመጣው ሌላ ተረት ሌላ ጅብ ይዞ ነው። የአኒሜሽን ተከታታይ ፊልም ጅብ ግን ያንኑ ፊትና ያንኑ ድምፅ ይዞ ሃምሳ ጊዜ መመለስ አለበት። በመጀመሪያው ክፍል ከደረሰበት ተምሮ አስተዋይ ከሆነ ለሁለተኛው ክፍል የሚተርፍ ታሪክ የለም። ምንም ሳይማር በየሳምንቱ ከተቀጣ ደግሞ የምታየው የአራት ዓመት ልጅ ወይ ታዝንለታለች፣ ወይ በደካማ ላይ መሳቅ ትለምዳለች። ሁለቱም አይበጁም።

ይህ ቋጠሮ የሚፈታው ስክሪፕት ከመጻፉ በፊት በሚዘጋጅ ሰነድ ነው። የሙያው ሰዎች ባይብል ይሉታል። በአንድ ተከታታይ ላይ ደራሲዎች፣ ታሪኩን በተከታታይ ሥዕል የሚያቅዱ ስቶሪቦርድ ሠሪዎች፣ የገጸ ባሕርይ ሠዓሊዎች፣ ከገጸ ባሕርያቱ ኋላ የሚታየውን መደብ የሚስሉ፣ አኒሜተሮች፣ ድምፅ ሰጪዎችና የሙዚቃ ባለሙያ ይሳተፋሉ፤ ብዙዎቹ ሐሳቡን ካመነጨው ሰው ጋር አንድም ቀን ቁጭ ብለው አይነጋገሩም። ባይብሉ እሱ በሌለበት ጥያቄያቸውን ይመልስላቸዋል። ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው ለጣቢያ ወይም ለገንዘብ ሰጪ የሚቀርብ ነው፤ ሥዕል የበዛበት፣ አሥር ወይም አሥራ አምስት ገጽ ያህል ሆኖ ሐሳቡን ለመሸጥ የሚያገለግል። ሁለተኛው ሠራተኞቹ በየቀኑ የሚገልጡት ነው፤ ሥራው እየገፋ ሲሄድ ይወፍራል። እዚህ የምነግራችሁ ስለ ሁለተኛው ነው፤ ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለው እሱ ነውና።

በዚህ ሰነድ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ቦታ ይገባው እንደሆነ የምለይበት መንገድ ቀላል ነው፦ ይህ ዓረፍተ ነገር የሚከለክለው ነገር አለ? «ጦጢት ብልህና ተጫዋች ናት» የሚለው ምንም አይከለክልም፤ በዓለም ላይ ያለች የካርቱን ጦጣ ሁሉ ብልህና ተጫዋች ናት። «ጦጢት የሌላውን ንግግር እስከ መጨረሻው ሰምታ አታውቅም፤ ግማሹን ሰምታ ትነሳለች» የሚለው ግን ለማያውቃት ደራሲ እንኳ ትዕይንት ይሰጠዋል። ጦጢት ቁጭ ብላ በትዕግሥት ምክር ስታዳምጥ የሚያሳይ ስክሪፕት ቢመጣም ስህተቱን በጣት ማሳየት ይቻላል።

ነገሩ በተግባር እንዲታይ አንድ ተከታታይ ፈጥረን እንሂድ። ስሙን «ዋርካው ሥር» እንበለው። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች የታሰበ ነው፤ የአንዱ ክፍል ርዝመት ሰባት ደቂቃ። ለዚህ ዕድሜ አምስት ደቂቃም ሰባት ደቂቃም የተለመደ ነው፤ የእንግሊዟ ፔፓ ፒግ በአምስት ደቂቃ፣ የአውስትራሊያዋ ብሉዪ በሰባት ደቂቃ ግድም ይሠራሉ። የታሪካችን ፍሬ ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ ወደ ገበያ በሚወስድ መንገድ ዳር ባለ ዋርካ ሥር ሦስት እንስሳት ይኖራሉ። በየገበያው ቀን ጠዋት ከገበያተኛ አንድ ነገር ወድቆ ይገኛል፤ ባለቤቱ ማታ በዚያው መንገድ ሲመለስ እንዲያገኘው የማን እንደሆነ ማወቅ አለባቸው።

እነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች የሠሩትን ልብ በሉ። የታሪክ ምንጭ አለ፤ ከገበያተኛ የማይወድቅ ነገር የለም። የጊዜ ገደብ አለ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ። ሲሳካም ሳይሳካም የሚታይ ውጤት አለ። «ሦስት ጓደኛሞች አብረው ስለ ፍቅርና ስለ መተባበር ይማራሉ» ብለን ጀምረን ቢሆን ኖሮ ደራሲው በአምስተኛው ክፍል ላይ ይነጥፍ ነበር።

ጠባዩ ይቀራል፣ ስህተቱ ይታረማል

ገጸ ባሕርያቱ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ መውሰድ ይገባል፤ ሌላው ሁሉ የሚበቅለው ከእነሱ ነው። ብዙ ጀማሪ ባይብሎች የሚወዱትን ቀለም፣ የሚወዱትን ምግብ፣ የልደት ቀናቸውን ይዘረዝራሉ። ደራሲውን የሚረዱት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ ገጸ ባሕርይው ምን ይፈልጋል? ያንን እንዳያገኝ የሚያሰናክለው የራሱ ጠባይ ምንድን ነው? ሌሎቹ የማይችሉት፣ እሱ ብቻ የሚችለው ምንድን ነው? ፈጽሞ የማያደርገውስ?

ጅቦ የሚፈልገው ቀድሞ ማግኘት ነው። ከላይ ሲታይ ራብ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ግን «ይቀርብኛል» የሚል ስጋት ነው፤ ከብዙ ወንድሞች መካከል ያደገ ነውና። ስለዚህ የተገኘ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ምግብ ይመስለዋል። አፍንጫው ግን ሌሎቹ የማይደርሱበትን ያሸታል። አይዋሽም፣ አያስፈራራም።

ጦጢት የምትፈልገው «አወቀች» መባል ነው። ግማሹን ሰምታ ትነሳለች። እጆቿ የማይፈቱት ቋጠሮ፣ እግሯ የማይደርስበት ቅርንጫፍ የለም። ሆን ብላ ማንንም አታታልልም፤ እዚህ ላይ ከተረቷ ጦጢት ተለያየን፣ ምክንያቱን ስለ ቃና ሳነሳ እመለስበታለሁ።

ኤሊ የምትፈልገው አለመሳሳት ነው። ዝግ ስለምትልና ወደ መሬት ስለቀረበች ሁሉን ታያለች። እርግጠኛ ሳትሆን ግን አትናገርም፤ እርግጠኛ ስትሆን ደግሞ ሌሎቹ ሄደዋል።

አሁን ጅቡ በየሳምንቱ እንዴት እንደሚመለስ ይታያል። በእያንዳንዱ ክፍል የሚታረመው ስለ ዛሬው ዕቃ የተሠራው ስህተት ነው፤ ጠባዩ አይታረምም። ኤሊ ዛሬ እርግጠኛ ሳትሆን ተናግራ ቀኑን ብታድን፣ በሚቀጥለው ገበያ የሚገኘው ዕቃ ሌላ ነው፤ እንደገና ዝም ትላለች። ልጆች በዚህ አይሰለቹም፤ እነሱም ትናንት አልቅሰው የተስማሙበትን መጫወቻ ዛሬ እንደገና ይጣሉበታል። ባይብሉ ይህን በግልጽ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ አንድ ቅን ደራሲ በአሥረኛው ክፍል ጅቦን «ከእንግዲህ አልስገበገብም» ያሰኝና ለቀጣዮቹ ደራሲዎች የሚሠሩበትን ነገር ይወስድባቸዋል።

ጠባዮቹ ለየብቻ ጥሩ ቢሆኑም አይበቃም፤ እርስ በርስ መጋጨት አለባቸው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጥንድ ፊት አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ጦጢትና ኤሊ፦ አንዷ ቶሎ ትነሳለች፣ ሌላዋ ቆይታ ትናገራለች፤ የታሪካችን ዋና ሞተር ይህ ነው። ጦጢትና ጅቦ፦ ሁለቱም ይቸኩላሉ፣ ግን እሷ ለዝና፣ እሱ ለድርሻው። ጅቦና ኤሊ፦ ጅቦ ዝምታ ስለማይችል ኤሊን ይጠይቃታል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ያወቀችውን የምትነግረው ለእሱ ነው፣ እሱ ደግሞ አጣሞ ያደርሰዋል። ሦስተኛው ጥንድ እንዲህ ካልተጻፈ ደራሲዎች ሁለቱን ብቻቸውን ማገናኘት ይረሳሉ።

አዋቂ ገጸ ባሕርይም ያስፈልጋል። በብዙ የውጭ ካርቱኖች ምክር ሰጪዋ ጉጉት ናት፤ እኛ አገር ግን የጉጉት ድምፅ ለብዙ አያቶች ክፉ ምልክት ነው፣ ልጁም ከአያቱ ጋር ነው የሚያየው። እኛ የመረጥነው ጭነት ተሸክማ በየገበያው የምታልፈውን አህያ ነው፤ እትዬ ቡላ እንበላት። መንደሩን ሁሉ ታውቃለች። ሁሉን የሚያውቅ አዋቂ ግን የልጆች ታሪክን ይገድላል፤ ልጆቹ፣ ማለትም ሦስቱ እንስሳት፣ ጠይቀዋት ከነገረቻቸው ሰባቱ ደቂቃ በሁለተኛው ደቂቃ ያልቃል። ስለዚህ ሕግ ይበጅላታል፦ እትዬ ቡላ ጭነት ላይ ስለሆነች አትቆምም። ልጆቹ ከጎኗ እየሄዱ እስከ ድንበሩ ድንጋይ ድረስ አንድ ጥያቄ ብቻ ሊጠይቋት ይችላሉ። መልሷም ፍንጭ ነው እንጂ የባለቤቱ ስም አይደለም።

ይህች ትንሽ ሕግ ብዙ ታስገኛለች። ልጆቹ ከመጠየቃቸው በፊት ምን እንደማያውቁ መለየት አለባቸው፤ ለአምስት ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ማሰብ ይከብደኛል። ሕጉ ግን ወዲያው ጥያቄ ይወልዳል። ጦጢት ሮጣ «እትዬ ቡላ፣ ደህና አደሩ?» ብትል ጥያቄያቸው አለቀ ማለት ነው? አንዱ ደራሲ ያስቃል ብሎ አዎ ይላል፣ ሌላው አይልም፤ ሁለቱ ክፍሎች በተከታታይ ሲታዩ ዓለሙ ይፈርሳል። ውሳኔያችን፦ ሰላምታ ጥያቄ አይቆጠርም፤ ለታላቅ ሰላም ማለት የሚያስከፍል ነገር መስሎ እንዲታይ አንፈልግም። እንዲህ ያለው ውሳኔ ከእነ ምክንያቱ ይጻፋል። ምክንያቱ ካልተጻፈ ከስድስት ወር በኋላ የሚመጣ ሰው ይሽረዋል።

በአማርኛ ለሚሠራ ተከታታይ አንድ ሌላ ገጽ ግዴታ ነው፦ ማን ማንን እንዴት ይጠራል። ልጆቹ እትዬ ቡላን «እርስዎ» ይሏታል፤ በሌለችበት ሲያወሩም «ነገሩን» እንጂ «ነገረችን» አይሉም። እሷ እያንዳንዳቸውን «ልጄ» ትላለች፣ ስትቆጣ በስማቸው ትጠራለች። እርስ በርሳቸው «አንተ»ና «አንቺ» ነው። ተራኪው ግን ስለ እትዬ ቡላ ሲናገር «አለች» ይበል ወይስ «አሉ»? የልጆቹን ዓይን ስለሚከተል «አሉ» ብለናል። ይህ ገጽ በሌለበት አምስት ደራሲ አምስት ዓይነት ይጽፋል፤ ድምፅ ሰጪዋም ቀረጻ ክፍል ውስጥ እንደመጣላት ታርማለች። ስህተቱ ቶሎ የሚሰማው ደግሞ ለአያቶች ጆሮ ነው።

ዓለሙ የሚፈቅደውና የማይፈቅደው

መቼት ሲባል ሰው የሚያስበው ውብ ሥዕል ነው። ለባይብል ግን መቼት ዋጋም ነው። እያንዳንዱ አዲስ ቦታ አዲስ መደብ መሳል ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ አዲስ ገጸ ባሕርይ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ መሳል፣ መገጣጠሚያዎቹ ተለያይተው መሠራት፣ የአፉ ቅርጾች መዘጋጀት አለባቸው። አነስተኛ ስቱዲዮ ይህን በየክፍሉ ማድረግ አይችልም። ስለዚህ «ዋርካው ሥር» ሦስት ቦታ ብቻ አለው፦ የዋርካው ሥር፣ ቅርንጫፉና መንገዱ እስከ ድንበሩ ድንጋይ። እያንዳንዱ በጠዋት፣ በቀትርና በማታ ብርሃን ይሳላል፤ በድምሩ ዘጠኝ መደብ። ገበያው ራሱ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ይሰማል።

ሰዎችስ? ገበያተኛ በብዛት ያልፋል፤ ብዛት ያለው ሕዝብ ደግሞ ለአኒሜሽን ከባድ ነው፤ በንፋስ የሚውለበለብ ነጠላም እንዲሁ። መፍትሔው የልጆቹ ዓይን ከፍታ ነው፤ ሰው የሚታየው እስከ ጉልበቱ ብቻ ነው። የጎማ ጫማ፣ ባዶ እግር፣ የቀሚስ ጥለት፣ የከዘራ ጫፍ። ወጪ ለመቀነስ የተወሰደው ውሳኔ ራሱ የታሪኩ አካል ሆነ፤ እንስሳቱ ባለቤቱን የሚለዩት በፊቱ ሳይሆን በእግሩ ነው። በጀት እንዲህ ወደ ታሪክ ሲገባ ድህነት አይመስልም።

ከዚያ የዓለሙ ሕጎች ይመጣሉ። የአሜሪካው ዳይሬክተር ቸክ ጆንስ ሮድ ራነር ስለተባለው ፈጣን ወፍና ሊይዘው ስለሚያሳድደው የዱር ውሻ፣ ስለ ኮዮቴው፣ የጻፋቸው ሕጎች በሙያው የታወቁ ናቸው፤ ለምሳሌ ኮዮቴውን የሚጎዳው የራሱ አለመሳካት ወይም የገዛው ዕቃ መበላሸት እንጂ ከውጭ የመጣ ኃይል መሆን የለበትም። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች የጻፈው ማይክል ማልቲዝ ግን በኋላ ሲጠየቅ ስለ ሕጎቹ ሰምቶ እንደማያውቅ ተናግሯል። ለእኔ ይህ ሕጎቹን አያቀላቸውም። ጎን ለጎን ለሚሠሩ ሁለት ሰዎች ሕጉ በልማድ ይኖራል፤ ሥራው ለማያውቁት እጆች ሲተላለፍ ግን መጻፍ አለበት።

የእኛ ዓለም መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ልጆች ወዲያው የሚጠይቁት ነው። ጅብ አህያ ይበላ የለም እንዴ? ታዲያ ጅቦ ከእትዬ ቡላ ጎን እንዴት ይሄዳል? ዝም ማለት አይቻልም፤ የገጠር ልጅ ጅብ አህያን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ሕጋችን፦ በዋርካው ጥላ ሥር ማንም ማንንም አይበላም፣ አያሳድድም፣ ይህም ለቀልድ እንኳ አይነሳም። ጅቦ የሚበላው እናቱ በአገልግል የምታስይዘውን ነው፤ አገልግሉ በየክፍሉ ይታያል።

አገልግሉ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በመጀመሪያው ሐሳብ ጅቦ የወደቀውን ነገር ሁሉ ይቀምስ ነበር፤ ያስቃልም። የአራት ዓመት ልጅ ግን ያየውን ያደርጋል፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ወደ አፉ እንዲከት ማስተማር ይሆንብናል። ስለዚህ ጅቦ ያሸታል እንጂ አይቀምስም፤ ስስቱም ወደ አገልግሉ ይዞራል። በዚሁ ዓይን ቀመሩን ስንመረምር ሌላም አደጋ ይታያል። ልጆቹ ባለቤቱን ፍለጋ ከማያውቁት ሰው ኋላ ቢሄዱስ? ሕግ፦ ከድንበሩ ድንጋይ አያልፉም፣ ከሰው ጋር አይነጋገሩም፣ ዕቃውን ባለቤቱ በሚያየው ቦታ ያስቀምጡታል። እሳት፣ ጥልቅ ውኃና ክዳን ያለው ሣጥን ውስጥ መግባት የሉም። የልጆች ፊልም ባይብል በእያንዳንዱ የሳቅ ምንጭ ላይ ይህን ጥያቄ ማንሳት አለበት፦ ልጁ ነገ ጠዋት ይህንኑ ቤት ውስጥ ቢያደርገው ምን ይሆናል?

ቃና

«ቃናው አስቂኝና ልብ የሚነካ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በሁሉም ባይብል ውስጥ አለ፤ ማንንም አይረዳም። ቃና የሚገለጸው አንድን ክስተት ወስዶ በእኛ ተከታታይ እንዴት እንደሚሆን በማሳየት ነው። ጅቦ ተንሸራትቶ ጭቃ ውስጥ ወደቀ እንበል። ሌሎቹ ከሳቁበት ያ የእኛ አይደለም። ሮጠው አቅፈው «አይዞህ ጅቦ» ብለው ከዘመሩም የእኛ አይደለም፤ ጣፋጭነቱ ይበዛል። የእኛ ይህ ነው፦ ጅቦ ጭቃው ውስጥ ተቀምጦ «እዚህ ደግሞ የሚሸት ነገር አለ» ይላል፣ ጦጢትም እሷ ራሷ ልትቆፍር ትገባለች። ሳቁ የሚመጣው ገጸ ባሕርይው በውድቀቱ መካከል እንኳ ፍላጎቱን ስለማይለቅ ነው።

ጦጢት ሆን ብላ የማታታልለው በዚሁ ምክንያት ነው። የተረቱ ጣዕም በብልሃተኛና በሞኝ መካከል ያለው ርቀት ነው፤ አንድ ጊዜ ሲነገር ደስ ይላል። በየሳምንቱ አንዱ ልጅ ሌላውን ሲያታልል ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። በተጨማሪ ለዚህ ዕድሜ የሐዘን ርዝመት እንወስናለን። ገጸ ባሕርይ ሊያዝን ይችላል፣ ማዘንም አለበት፤ ግን ሐዘኑ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ሳይነካ አይቆይም፣ ሙዚቃም አልቅሱ እያለ አይገፋም።

ቀመሩና አንድ ክፍል

የክፍል ቀመር ሲባል ደራሲዎች ይፈራሉ፤ ነፃነት የሚወስድባቸው ይመስላቸዋል። ትንንሽ ልጆች ግን ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት መቻላቸው ራሱ ደስታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የጀመረው የልጆች ፕሮግራም ብሉዝ ክሉስ አንዱን ክፍል በሳምንቱ አምስት የሥራ ቀናት ደጋግሞ ያሳይ ነበር፤ ልጆቹም ታሪኩን ባወቁ ቁጥር በይበልጥ እየተሳተፉ መልሱን ይጮኹ ነበር። ስለዚህ ቅርጹን እንጠብቃለን፣ ውስጡን እንለዋውጣለን።

የ«ዋርካው ሥር» ቅርጽ ይህ ነው። ከመክፈቻው ዜማ በኋላ የጠዋቱ እግሮች ያልፋሉ፤ ከመካከላቸው የዛሬው ባለቤት በግልጽ ይታያል፣ ግን ማን እንደሆነ አይነገርም። ዕቃው ይገኛል። ጅቦ ምግብ ነው ይላል፣ ጦጢት ሌላ ነገር ነው ብላ ትጀምራለች፤ ኤሊ አንድ ነገር ታያለች፣ ዝም ትላለች። ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ላይ የጦጢት ሥራ ነገሩን ያባብሰዋል። ከዚያ እትዬ ቡላ፣ አንዱ ጥያቄ፣ ፍንጩ። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ማታ ይሆናል፤ እግሮቹ ይመለሳሉ፣ ልጆቹ መለየት አለባቸው። ዕቃው ከባለቤቱ ይደርሳል።

«የማሲንቆው ደጋን» የሚል ክፍል እንሞክር። ጠዋት ከሚያልፉት እግሮች መካከል አንድ ጥንድ በምት ይራመዳል፣ እንደ መጨፈር ያለ። ደጋኑ ይወድቃል። ጅቦ የጎድን አጥንት ይመስለዋል። ጦጢት ቅርንጫፍ ወደ ታች ለመሳብ ሁነኛ ቆልማማ ነው ብላ ይዛው ትወጣለች። ኤሊ በላዩ ላይ የተወጠረው ክር ሳይሆን የፈረስ ጭራ መሆኑን አይታለች፤ ይህ ግን ለምን እንደሆነ ስላላወቀች አትናገርም። ጦጢት ስትስብ ጭራው ይላላል። አሁን ዕቃው የሰው ብቻ ሳይሆን የተበላሸም ነው፤ ኤሊም «ቀድሜ ብናገር ኖሮ» ብላ አንገቷን ታስገባለች።

እዚህ ላይ ጅቦ ያድናቸዋል። ደጋኑን ሲያሸት አጥንት አይሸትም፤ ዕጣን ይሸታል። ማሲንቆ ተጫዋች ጭራውን በዕጣን እንደሚያሸው ልጆቹ አያውቁም፣ ስለዚህ ይህ ፍንጭ እንጂ መልስ አይደለም። ጥያቄያቸው እትዬ ቡላን «ከገበያተኛው ዕጣን የሚሸተው ማን ነው?» የሚል ይሆናል። እሷም ሳትቆም «ዕጣን የሚሸተውስ ብዙ ነው ልጄ፤ ሲራመድ የሚጨፍረው ግን አንድ ነው» ትላለች። ጦጢት በኤሊ መሪነት ጭራውን መልሳ ትወጥራለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻ ሰምታ። ማታ እግሮቹ ሲመለሱ ግን የሚጨፍር እግር የለም። ደጋኑ ስለጠፋው ባለቤቱ ከፍቶት እየተራመደ ነው። ኤሊ ጫማውን አውቀዋለሁ ልበል ወይስ አላውቀውም በሚል መካከል ሆና፣ እርግጠኛ ሳትሆን «እሱ ነው!» ትላለች። ደጋኑ መንገዱ ዳር ሥሩ ላይ ይቀመጣል፣ እግሮቹ ይቆማሉ፣ አንድ እጅ ይወርዳል። የማሲንቆ ድምፅ እየራቀ ይሄዳል፣ የእግሩም ምት ይመለሳል።

ይህ ክፍል ባይብሉን ይፈትነዋል። ሦስቱም በየራሳቸው ጠባይ አጥፍተዋል፣ ሦስቱም በየራሳቸው ችሎታ ረድተዋል። አዲስ ቦታ አላስፈለገም፤ አዲስ የሚሳለው ደጋኑ፣ አንድ ጥንድ ጫማና አንድ እጅ ነው። ታሪኩ በቃላት ጨዋታ ላይ ስላልቆመ ወደ አፋን ኦሮሞም ወደ ትግርኛም ሲመለስ አይሰበርም። ማሲንቆ አይታ የማታውቅ፣ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያደገች ልጅም ዕቃው ምን እንደሆነ በመጨረሻው ድምፅ ትረዳለች። ባይብሉ ላይ እንዲህ ጻፉት፦ የዛሬው ዕቃ ጥቅም ከመጨረሻው ትዕይንት በፊት በቃል አይነገርም፣ በመጨረሻው ትዕይንት በሥራ ላይ ይታያል።

ባይብሉ እንደማይሠራ የሚታወቅበት

የመጀመሪያው ፈተና የሚደረገው ስክሪፕት ሳይጻፍ ነው። ሰነዱን በስብሰባው ላይ ላልነበሩ ሦስት ደራሲዎች ስጧቸውና እያንዳንዳቸው አሥር የክፍል ሐሳብ በሁለት ሁለት መስመር ይጻፉ። ምንም አትንገሯቸው፤ ሲጠይቁ ጥያቄያቸውን መዝግቡ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ የጎደለ ገጽ ነውና። ከዚያ ሐሳቦቹን አንብቡ። ገጸ ባሕርያቱን በሌላ ካርቱን ሦስት ልጆች ብትተኩና ታሪኩ ሳይናጋ ቢሄድ፣ የገጸ ባሕርይ ገጾቹ ገና ጠቅላላ ናቸው። ሐሳቦቹ ሁሉ አዲስ ጎረቤት ወይም አዲስ መንደር የሚጠይቁ ከሆነ ሞተሩ ደካማ ነው፤ ደራሲዎቹ ታሪክ ከውጭ እያስመጡ ነው። ሠላሳዎቹም ሐሳቦች «ጦጢት ቸኮለች» ብለው የሚጀምሩ ከሆነ ደግሞ የጅቦና የኤሊ ስህተት ታሪክ ለማንቀሳቀስ አቅም የለውም ማለት ነው። እንደኔ ልምድ ይህ የመጨረሻው ነው በብዛት የሚያጋጥመው፤ ቸኳይ ገጸ ባሕርይ ለመጻፍ ይቀላል። መድኃኒቱ በባይብሉ ውስጥ በኤሊ ዝምታና በጅቦ ስጋት የሚነሱ ሁለት ሁለት የክፍል ሐሳቦችን ምሳሌ አድርጎ ማስቀመጥ ነው።

ሁለተኛው ፈተና የመጀመሪያዎቹ ስክሪፕቶች ሲመጡ ነው። የተናጋሪዎቹን ስም በወረቀት ሸፍናችሁ ንግግሩን ብቻ አንብቡ። ማን እንደተናገረ ካልታወቀ አነጋገራቸው በባይብሉ አልተለየም። ጦጢት የምትናገረው በአጭር በአጭሩ ነው፣ ብዙ ጊዜም ግሡ ሳይመጣ ወደ ሌላ ታልፋለች። ኤሊ ዓረፍተ ነገሯን ትጨርሳለች። ጅቦ ጥያቄ ያበዛል። እያንዳንዳቸው አምስት የናሙና ንግግር ይኑራቸው፤ ድምፅ ሰጪዎች ከሁሉ በላይ የሚጠቀሙት ይህን ገጽ ነው።

ሦስት ወይም አራት ክፍል ተሠርቶ በልጆች ፊት ሲታይ ሰነዱ እንደገና ይከፈታል። የሚታየው ልጆቹ የት እንደሳቁ ብቻ አይደለም፤ የት ዓይናቸውን ከስክሪኑ እንዳነሱም ጭምር ነው። በእትዬ ቡላ ፍንጭ ላይ ዓይናቸውን ካነሱ ፍንጩ ከብዷቸዋል፤ ያን ጊዜ የሚታረመው ያ አንድ ስክሪፕት ሳይሆን ስለ ፍንጭ የሚናገረው ገጽ ነው። ለውጡን የማጽደቅ ሥልጣን የአንድ ሰው ይሁን፣ ብዙ ጊዜም የዋናው ደራሲ ነው፤ በየገጹ ግርጌ የታረመበት ቀን ይጻፍ፣ አሮጌው ቅጂ ከሁሉም እጅ ይሰብሰብ። አኒሜተሩ በመስከረም ቅጂ፣ ደራሲዋ በታኅሣሥ ቅጂ ከሠሩ ጅቦ በአንዱ ክፍል አገልግል ይዞ፣ በሌላው ባዶ እጁን ይመጣል።